አረንጓዴው ምልክት እና 20 ባይቱ ፋይል

እንደምን አደራችሁ። ዛሬ በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት በአንድ ድርጅት የአይቲ ክፍል ስሠራ አንድ ታስክ ተመደበልኝ፤ «የደመወዝ ዳታቤዙ በየሌሊቱ ባካፕ ይደረግ» የሚል። አርብ ከሰዓት ስክሪፕቱን ጻፍኩ። ዋናው መስመር ስክሪኑ ላይ ያለው ነው፦

```
mysqldump payroll | gzip > payroll-$(date +%F).sql.gz
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ዳታውን ያወጣል፤ ሁለተኛው ይጨምቀዋል፤ የዕለቱ ቀን ያለበት ፋይል ይቀመጣል። አንዴ ሞከርኩት፣ ፋይሉ መጣ። ታስኩን ዘጋሁና ወደ ቤቴ። ሪፖርቱ ላይ አረንጓዴ ሆነ።

ከ5 ወር በኋላ አንድ ባልደረባዬ ሌላ ታስክ ዘጋ፤ «የዳታቤዝ የይለፍ ቃሎች ይቀየሩ»። በትክክል ቀየረ። የእኔ ስክሪፕት ግን የያዘው የድሮውን ነው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ mysqldump ከበር ይመለስ ጀመር። gzip ግን ምን ቸገረው? ምንም ባይመጣለትም ባዶውን ጨምቆ «ጨርሻለሁ» ይላል። ሼሉ ደግሞ ካልነገሩት በስተቀር የሚሰማው የመስመሩን የመጨረሻ ትእዛዝ ብቻ ነው። የስህተት መልእክቱማ ይወጣ ነበር፤ የሚሄደው ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ነው እንጂ።

የሰርቨሩ ዲስክ የሞተ ቀን የባካፑን ፎልደር ከፈትኩ። ፋይሎቹ አንድ ቀን ሳይዘለል ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተሠሩ። መጠናቸውን አየሁ። 20 ባይት። የቀደመውም 20 ባይት። ባዶ ነገር በgzip ሲጨመቅ የሚወጣው ልክ ይኸው ነው። ጤነኛ ፋይል ያገኘሁት 3 ወር ወደኋላ ሄጄ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ «ባካፕ አለ ብለኸኝ አልነበር?» አለችኝ። «ሲስተሙ ላይ እኮ ተዘግቷል» ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እግዜር ይስጣት፣ የታተሙትን ፔይሮሎች ከመዝገብ ቤት አወጣች። የ3 ወሩን እየተቀባበልን 9 ቀን ሙሉ ጻፍን።

ሁለታችንም አልዋሸንም። የእኔ ታስክ የመዘገበው አርብ ዕለት ስክሪፕት መጻፌን ነው። እሷ የፈለገችው ደግሞ ደመወዙ በጠፋ ቀን ተመልሶ እንዲመጣላት ነው። ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ስክሪፕቱ አናት ላይ ይቺን ጨመርኩ፦

```
set -o pipefail
```

አሁን mysqldump ሲወድቅ መስመሩ በሙሉ እንደወደቀ ይቆጠራል፤ መልእክቱም ወደ ስልኬ ይመጣል። ይህ ግን መውደቁን እንጂ የፋይሉን ይዘት አይነግረኝም። ስለዚህ በየ3 ወሩ ፋይሉን ሌላ ማሽን ላይ እንመልሰዋለን። እሷ የአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ትከፍትና ከታተመው ጋር ታመሳክራለች። 40 ደቂቃ ይፈጃል። ታስኩን የምትዘጋውም እሷ ናት።

ባለፈው ዙር እሷ ፈቃድ ላይ ነበረች። ታስኩ ቀይ ሆነ። እጄ ወደ መዝጊያው ሲሄድ ያዝኩት። እስክትመለስ 2 ሳምንት ቀይ ሆኖ ቆየ። አለቃዬ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ «ገና አልተሠራም» አልኳቸው።