57 ነጥብ እያለኝ 18 ብቻ ይበቃኛል?

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ከቤቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። በዚህ ሰዓት ታክሲውም ረዳቱም ጸጥ ይላል። አልፎ አልፎ ውሻ ቢሰማችሁ ግን ታገሱኝ።

ትናንት ማታ የጎረቤታችን ልጅ በሩን አንኳኳች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። የስታትስቲክስ ፋይናሏ ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ደብተሯን የመጨረሻው ገጽ ላይ ገልጣ ሰጠችኝ።

"ጋሼ፣ ይሄን እዩልኝ እስቲ። ቢ ፕላስ ለማምጣት ከፋይናል 18 ብቻ ይበቃኛል አይደል?"

ገጹ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈችው ይሄ ነበር። ኩዊዝ 13፣ አሳይመንት 18፣ ሚድ 26። ሲደመር 57። የእነሱ ትምህርት ክፍል ቢ ፕላስ የሚሰጠው ከ75 ጀምሮ ነው። 75 ሲቀነስ 57፣ 18። 18ን ሁለት ጊዜ አክብባበታለች።

ደነገጥኩ። ያቺን ገጽ አውቃታለሁ። የማታ ተማሪ ሳለሁ፣ ቀን ሥራ ውዬ ማታ ስማር፣ እኔም እንደዚሁ ደምሬ ነበር። "ትንሽ ነው የቀረኝ" ብዬ የዚያን ኮርስ ጥናት ላላ አደረግኩት። ግሬዱ ሲለጠፍ ቢ ፕላስ የጠበቅኩበት ቦታ ላይ ቢ ማይነስ አየሁ። መምህሩ ተሳስቷል ብዬ ቢሮው ድረስ ሄጃለሁ። መምህሩ አልተሳሳተም ነበር። ስለዚህ ልጅቷን "ግቢ፣ ቁጭ በይ" አልኳት።

መጀመሪያ የጠየቅኳት ኮርስ አውትላይኑን ነው። ሴሚስተሩ ሲጀመር መምህሩ የሚሰጠውን ወረቀት ማለቴ ነው። ስልኳ ላይ ፎቶው ነበራት። ኩዊዝ 10 ከመቶ፣ ግሩፕ አሳይመንት 10 ከመቶ፣ ሚድ 30 ከመቶ፣ ፋይናል 50 ከመቶ ይላል። ቀጥዬ "13 ያመጣሽው ከስንት ነው?" አልኳት። ሁለት ኩዊዝ ነበር፣ እያንዳንዱ ከ10፤ በድምሩ ከ20 ማለት ነው። አሳይመንቱም ከ20 ነው። ሚዱ ከ40።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ወረቀት ላይ የሚታረመው ነጥብና ኮርሱ ውስጥ የሚያዘው ነጥብ አንድ አይደሉም። 57 ብላ የደመረችው ከ80 የታረመ ነጥብ ነው፤ ኮርሱ ግን ለእነዚህ ሁሉ የሰጠው ቦታ 50 ብቻ ነው። ብርና ዶላር ቀላቅሎ እንደመቁጠር ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ብር መመንዘር አለብን።

መነዘርን። ኩዊዙ 13 ሲካፈል ለ20፣ ሲባዛ በ10፣ 6.5 ሆነ። አሳይመንቱ 18 ሲካፈል ለ20፣ ሲባዛ በ10፣ 9። ሚዱ 26 ሲካፈል ለ40፣ ሲባዛ በ30፣ 19.5። ድምሩ 35። በእጇ ያለው 57 ሳይሆን ከ50 35 ነው።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ታዲያ 40 ይቀረኛል" አለች። ልክ ናት። 75 ሲቀነስ 35፣ 40። ይሄ 40 ግን ከፋይናሉ 50 ውስጥ የሚመጣ ነው። 40 ለ50 ሲካፈል 80 ከመቶ። መንገዱ በአንድ መስመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
(75 - 35) / 50 = 0.80
```

የሚፈለገው ውጤት፣ ሲቀነስ በእጅ ያለው፣ ሲካፈል ለፋይናሉ ድርሻ። የትኛውም ኮርስ ላይ የሚሠራው ይሄው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወደው አቋራጭ አለ። "ከፋይናል በፊት ያለው ኮንቲኒየሴ 70 ከመቶ ነው፣ 75 እፈልጋለሁ፣ ስለዚህ ፋይናል 80 ላምጣ፣ አማካዩ 75 ይመጣል።" በዚህ ኮርስ ልክ ይመጣል፤ ምክንያቱም ግማሽ በግማሽ ነው። ፋይናሉ 40 ከመቶ የሚይዝበት ኮርስ ላይ ግን ያሳስታል። እዚያ 70 ከመቶ ማለት ከ60 42 ነው። ለ75 የሚቀረው 33፣ ከ40። ይሄ 82.5 ከመቶ ነው። የፋይናሉ ድርሻ ባነሰ ቁጥር ወደ ላይ የሚጎትተው ጉልበትም ያንሳል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። "80 ከመቶ" ለጥናት ብዙም አይመችም። ፈተና ላይ የምናየው ነጥብ እንጂ መቶኛ አይደለም። ፋይናሉ ከስንት እንደሚታረም ስጠይቃት ያምናው ከ60 ነበር አለችኝ። 80 ከመቶ የ60፣ 48 ነው። ያኔ ጥያቄውን ገለበጥነው። ስንት ማጣት ትችላለች? 12። ገጹ አናት ላይ 12 ብላ ጻፈች። ከዚያ ሚዷን አወጣንና ያጣችበትን ቆጠርን። ካጣቻቸው 14 ነጥቦች ዘጠኙ ከአንድ ቦታ የወጡ ናቸው፣ ከፕሮባቢሊቲ ጥያቄዎች። የሳምንቱ ጥናት ከየት እንደሚጀምር እዚያው ታየ።

ያ 18 ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ተስፋ አድርጋ 18 ብቻ ብታመጣ ምን ይሆን ነበር? ከ60 18፣ 30 ከመቶ ነው። ከ50 ሲመነዘር 15። 35 ሲደመር 15፣ 50። በእነሱ ስኬል ሲ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቢ ፕላስ ብላ ያከበበችው ቁጥር ሲ ላይ ነበር የሚጥላት።

ኤ ማምጣትስ እችላለሁ ወይ ብላም ጠየቀችኝ። ኤ ከ85 ነው። 85 ሲቀነስ 35፣ 50። ፋይናሉን ሙሉ በሙሉ፣ አንድም ነጥብ ሳይጎድል መድፈን ማለት ነው። ሂሳቡ ከ100 በላይ ቢወጣ ደግሞ በሩ ተዘግቷል ማለት ነበር። ይሄንን ስነግራት አላዘነችም። እንዲያውም ቢ ፕላሱን የያዘችው ያኔ ይመስለኛል።

ሁለት ነገር ግን አስጠንቅቄያታለሁ። አንደኛው፣ የአሳይመንቱ 18 በመምህሩ የተሰጠ አልነበረም። የግሩፑ ልጆች የገመቱት ነው። ከ20 12 ቢሆንስ? ያኔ 9 የነበረው 6 ይሆናል፣ በእጇ ያለው 32፣ የሚቀራት 43። ከ60 ሲታይ 51.6፣ ማለትም 52። ማጣት የምትችለው ከ12 ወደ 8 ወረደ። ያልታወቀ ውጤት ሲኖር በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ማስላት ያስፈልጋል፤ ጥናቱ ግን በዝቅተኛው ይሁን።

ሁለተኛው፣ ይሄ ሁሉ የሚሠራው ስኬሉ ቋሚ ከሆነ ብቻ ነው። መምህሩ ክፍሉን እርስ በርስ አወዳድሮ ግሬድ የሚሰጥ ከሆነ 75 የሚባል መስመር የለም። መስመሩ የሚታወቀው ሁሉም ከተፈተነ በኋላ ነው። እሷን ስጠይቃት ስኬሉ አውትላይኑ ላይ ተጽፏል አለች፣ አሳየችኝም።

ዛሬ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ መልእክቷ ደረሰኝ። መምህሩን ጠይቃዋለች። አሳይመንቱ እውነትም 18 ነው። ፋይናሉ ግን ዘንድሮ የሚታረመው ከ60 ሳይሆን ከ50 ነው። 80 ከመቶው አልተነካም፤ ነጥቡ ግን 40 ሆነ። የደብተሯን ገጽ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። 12ቱን ሰርዛ 10 ጽፋበታለች።