እጄን ያወጣሁበት ደቂቃ

እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ብቻ ነኝ። ስለዚያ መጋዘን ነው የማወራው። አዎ፣ እንደገና። ቀይዋን ደብተሬን ስገለብጥ አገኘሁት።

ጥር 2011 ነው። የአንድ አክሲዮን ማኅበር ሰባት የቦርድ አባላት ነን። አጀንዳው የቃሊቲ መጋዘን ኪራይ ነው፦ 1,200 ካሬ፣ በወር በካሬ 140 ብር፣ የሦስት ዓመት ውል። አከራዩ የሊቀመንበራችን የጋሼ ሚስት ድርጅት ነው። ጋሼ አልደበቀም፣ እሱን ልመስክርለት። ገና ስንጀምር "ይሄ የቤተሰቤ ነው፣ እኔ ድምፅ አልሰጥም" አለ። ሁላችንም ደስ አለን። እንዴት ያለ ቅን ሰው ነው አልን።

ግን አልወጣም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሻይ አዘዘልን። "እስቲ ተነጋገሩበት" አለና ስኳሩን ማማሰል ጀመረ። ያ የማንኪያ ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። በእሱ ፊት ማን "ውድ ነው" ይላል? ቦርዱ ውስጥ ያስገባኝ እሱ ነው። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ነው። አንዱ እጁን አወጣ፣ ሁለተኛው አወጣ፣ ሦስተኛው... አራተኛዋ እኔ ነኝ። ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። እንዲያው አየኝ ብቻ።

የሌላ መጋዘን ዋጋ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። አንድም። ወረቀቱ ራሱ የታደለን እዚያው ስብሰባው ላይ ነው። ከወራት በኋላ አንድ ደላላ ጠየቅሁ። እዚያው አካባቢ፣ ተመሳሳይ መጋዘን፣ ቢበዛ 110 ብር አለኝ። በካሬ ሠላሳ ብር ልዩነት ማለት ነው። በወር 36,000 ብር። በሦስት ዓመት ወደ 1.3 ሚሊዮን። የባለአክሲዮኖች ብር ነው። ጡረታቸውን ያስገቡ ሰዎች አሉበት።

ያኔ የሚሠራው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነበር፤ አዲሱ የወጣው በ2013 ነው። አንቀጽ 356ን እኔ ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው፣ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ዳይሬክተሩ በቀጥታም ሆነ በሌላ ሰው በኩል ከማኅበሩ ጋር ከተዋዋለ፣ ቦርዱ አስቀድሞ መፍቀድ አለበት፣ ኦዲተሮቹም እንዲያውቁት ይደረጋል። እነሱ ደግሞ ልዩ ሪፖርት አዘጋጅተው ለጠቅላላ ጉባኤው ያቀርባሉ። ከደንበኛ ጋር የሚደረግ የተለመደ ውል አይነካም። የኛ ሰዎች ያቺን ነበር የያዙት፣ "ኪራይ የተለመደ ሥራ ነው" እያሉ። ድርጅቱ ግን ደንበኛችን አይደለም፣ አከራያችን ነው! ሪፖርቱ ጉባኤው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ዕቃችን ከገባ ወራት አልፎታል። ጉባኤው በጭብጨባ አለፈው።

እናቴ እድር ውስጥ አንዴ ድንኳን ሊገዛ ነው። ሻጩ የሰብሳቢው ልጅ። አንዲት እናት ተነሡና "ሰብሳቢያችን ትንሽ ውጭ አየር ይቀበሉልን፣ እኛ እንነጋገር" አሉ። ወጡ። ማንም አልተቀየመም። ዲግሪ የደረደርን እኛ ይሄን ማለት አቃተን። ይሉኝታ... አላውቅም፣ ይሉኝታ ብቻ ነው ብዬ ማምለጥም አልፈልግም።

ሰሞኑን የቴስላን ክስ እያነበብኩ ነበር። ቴስላ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሶላርሲቲ የሚባለውን የፀሐይ ኃይል ኩባንያ በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ኢሎን መስክ ያኔ የሁለቱም ሊቀመንበር፣ የሁለቱም ትልቁ ባለአክሲዮን ነበር። ሶላርሲቲን የመሠረቱት የአክስቱ ልጆች ናቸው። አንዳንድ ድምፅ ላይ ራሱን አገለለ፣ ግን ከጉዳዩ አልወጣም፤ ከባንከሮቹ ጋር ሳይቀር ይነጋገር ነበር። ገለልተኛ ኮሚቴም አልተቋቋመም። የቴስላ ባለአክሲዮኖች መስክን ከሰሱት። በ2022 በአሜሪካ የዴላዌር ግዛት ዳኛ ሂደቱን ወቀሱ፣ ዋጋው ግን ተገቢ ነው ብለው ፈረዱለት። በ2023 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው።

ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ቀለለኝ። ዋናው ዋጋው ነው ማለት ነው? ከዚያ ደግሞ... እዚያ ቢያንስ ከመስክ ጋር ያልተያያዙት ባለአክሲዮኖች ድምፅ ሰጥተዋል፣ ዋጋውም ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈትኗል። የኛን ማን ፈተነው? ጋሼ ቢወጣ፣ ሁለት የሌላ ሰው መጋዘን ዋጋ ቢቀርብ፣ ምናልባት 140ውን አውቀን እንፈቅደው ነበር። ቅርብ ነው፣ ጥበቃው ጥሩ ነው፣ ምናምን ብለን። ምናልባት። ግን ዋጋው 110 ቢሆንስ ኖሮ ያ ማንኪያ አይረብሸኝም ነበር? እንጃ።

ቃለ ጉባኤው ላይ "ሊቀመንበሩ ድምፅ ሳይሰጡ" ይላል። እዚያው መቀመጡን የሚል የለም። ከሥሩ የኔ ፊርማ አለ።

ባለፈው ማክሰኞ ደወለልኝ። ሌላ ማኅበር ቦርድ እያዋቀረ ነው። "ስምሽን ልስጥ ወይ የኔ ልጅ?" አለኝ። ድምፁ ደክሟል፣ አርጅቷል። ስለ መጋዘኑ ላነሳበት አፌን ከፈትኩና... ስለ ጉልበቱ ጠየቅሁት። ልደውልለት ነው። ዛሬ ማታ ይሆናል። እስቲ...