ከጅምላ ሻጩ ጀምሩ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ እንግዳ የለም። ሰሞኑን አእምሮዬን የያዘው አንድ የሥራ ዕቅድ ነው። ለትንንሽ ባለሱቆች የሚሆን አዲስ የሞባይል ክፍያ አገልግሎት እዚህ ደሴ ላይ ሊጀመር ነው እንበል። ደንበኛው በስልኩ ይከፍላል፣ ብሩ ባለሱቋ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የትኛው ሥራ በየትኛው ወር ይሁን? በዚህ ሥራ ውስጥ ስቆይ ያመንኩበትን አንድ ነገር ነው የምነግራችሁ፦ ከባለሱቁ አትጀምሩ።

ብዙ ጊዜ የምናየው ዕቅድ እንዲህ ይላል። መጀመሪያ መተግበሪያው ይጠናቀቃል፣ ከዚያ ወጣቶች ቲሸርት ለብሰው ከፒያሳ እስከ ሸዋበር ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ይመዘግባሉ፣ ጅምላ ሻጮች ደግሞ «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይገባሉ። አሁን የአንዲት ባለሱቅ ሳምንት እንይ። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ፓስታ ትሸጣለች። የሸጠችበት ብር እጇ ላይ አያድርም፤ ዕቃው ሲያልቅ ወዲያው ወደ አከፋፋዩ ይመለሳል። ታዲያ ደንበኞቿ በስልክ ከፍለዋት አከፋፋዩ ግን «እኔ ጥሬ ብር ነው የምፈልገው» ቢላት ምን ታደርጋለች? ሱቋን ለልጅ ትታ ወኪል ጋ ትሄዳለች። ሰኞ ነው፣ ገበያ ነው፣ ወኪሉም ጥሬ ብር ጨርሷል። ካገኘችም ለማውጫ ትከፍላለች፤ ስኳር ላይ ያላት ትርፍ ደግሞ ያን ያህል አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት «በስልክ ልክፈል?» ሲሏት «ኔትወርክ የለም» ትላለች። ኔትወርኩ ግን አለ።

አንድ ጅምላ ሻጭ ሐጂ ይህንን ሲያስረዱኝ «ልጄ፣ እኔ ከተቀበልኩ እነሱ ይቀበላሉ። እኔ እንቢ ካልኩ አንተ በከንቱ ትደክማለህ» አሉኝ። ስለዚህ በእኔ ዕቅድ ባለሱቆች ከመግባታቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እነዚያው ባለሱቆች ዕቃ የሚያነሱባቸው አከፋፋዮች ክፍያ መቀበል ይጀምራሉ። ማን ከማን እንደሚገዛ ለማወቅ ሱቅ ውስጥ ገብቶ «ዘይቱን ከማን ነው ያነሳሽው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። አሥር ባለሱቅ ስትጠይቁ የሦስት አራት ሰው ስም እየተደጋገመ ይመጣል። ጅምሩ እነሱ ናቸው።

ወሩን በተመለከተ፣ ከሁሉ በፊት የሚቀመጠው የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ነው። እሱ በእኛ እጅ ስላልሆነ ማመልከቻው ግንቦት ላይ ይገባል፤ ሌላው ሥራ ጎን ለጎን ይሄዳል። ሐምሌን ለምዝገባ አልመርጠውም። የግብር ወር ነው፤ ባለሱቅ ሁሉ የሚጠይቃችሁ «ይሄ ነገር ግብር ያመጣብኛል?» ብቻ ይሆናል፤ ስለ አገልግሎቱ የሚሰማችሁ የለም። አከፋፋዮቹ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ሠላሳ ያህል ሱቆች በነሐሴ አጋማሽ። ሙከራው በእንቁጣጣሽና በመስቀል ገበያ ውስጥ ያልፋል፤ ማለፍም አለበት፤ ትክክለኛው ጫና የሚታየው ያኔ ነው። ግን ከጳጉሜ እስከ መስከረም 20 ድረስ ሲስተሙ ላይ አንዲት ነገር አትቀየርም። የበዓል ዋዜማ ላይ የሚሞከር ማሻሻያ የለም። ወደ ብዙ ሱቅ መስፋት ከጥቅምት 1 በኋላ ነው። ደግሞ ደሴ ነንና ሁለት ካላንደር ጎን ለጎን ክፈቱ። ረመዳንና ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብለው ስለሚመጡ ያምናው ዕቅድ ለዘንድሮ አይሠራም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። የተንጠለጠለ ክፍያ።

አንድ ሰው የ850 ብር ዕቃ ገዛ። ከፈለ። ስልኩ ላይ ተቀንሷል። ባለሱቋ ስልክ ላይ ግን መልእክት የለም። ሁለቱም ይተያያሉ። ሰውዬው እውነቱን ነው፣ እሷም እውነቷን ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ሊከተል ይችላል። ብሩ ገብቷል፣ መልእክቱ ብቻ ነው የዘገየው። ወይም ብሩ መንገድ ላይ ቆሞ ተመላሽ ይሆናል። ወይም ሰውዬው ትዕግሥት አጥቶ እንደገና ይከፍልና ሁለት ጊዜ ይቀነስበታል። ሦስተኛው እንዳይመጣ እያንዳንዱ ክፍያ ገና ሲጀመር የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። መልስ ሲዘገይ ሲስተሙ አዲስ ክፍያ አይልክም፤ በዚያው ቁጥር «ይሄ ክፍያ ተፈጽሟል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ካልተሠራ ለሕዝብ መውጣት የለበትም።

አታላይም የሚገባው በዚችው ክፍተት ነው። «ተቀንሶብኛል፣ ይኸው እዪው» እያለ ስልኩን ያሳያል። ለባለሱቅ በሥልጠና ላይ አንድ ነገር ብቻ እንዲያዝላት እፈልጋለሁ፦ የደንበኛን ስልክ አትዪ፤ የራስሽን ቀሪ ሒሳብ እዪ። ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘችም ቀሪ ሒሳብ ማየቱ ፈጣንና ነፃ መሆን አለበት። የሚያስከፍል ከሆነ አታየውም፤ ካላየችው ትታለላለች።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ሠላሳ ሱቅ፣ እያንዳንዱ በቀን 10 ክፍያ፤ 300 ክፍያ ነው። ከመቶ አንዱ ቢንጠለጠል በቀን 3 ነው። ሦስት ቅሬታ በስልክ ይፈታል፤ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ጥሩ ነው» ይላል። አሁን ሱቁን 2,000 አድርጉት። 20,000 ክፍያ፣ 200 የተንጠለጠለ። አንዱን ለመፍታት 10 ደቂቃ ቢወስድ በቀን 33 ሰዓት ሥራ ነው፤ አምስት ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አይሠራም። ከሺህ አንድ ከሆነ ግን 20 ብቻ ነው፣ አንድ ሰው ይበቃዋል። ለዚህ ነው ዕቅዱ ላይ «ጥቅምት 15፣ 500 ሱቅ» ተብሎ ብቻ መጻፍ የሌለበት። «ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ከሺህ አንድ በታች ከሆነ፣ 500 ሱቅ» ተብሎ ይጻፍ። ቀኑ ደርሶ ቁጥሩ ካልደረሰ ቀኑ ይገፋል።

ሌላ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፤ ሰዓት። ባለሱቋ ደውላ «ማታ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው የከፈለኝ» ትላለች። ስልክ ያነሳው ልጅ 1፡20 ብሎ ይፈልጋል፤ የለም። ሲስተሙ ላይ የተመዘገበው 19፡20 ነው። እሷ ውሸታም ትመስላለች፣ እሱ ደግሞ ሰነፍ። መልእክቱ ላይ የሚወጣው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ የቅሬታ ሠራተኞቹም ሁለቱንም እየቀየሩ መፈለግን ከነሐሴ በፊት ይለማመዱ። የቀኑ ሽያጭ ማጠቃለያም ሱቅ ሲዘጋ፣ ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይላክ፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ቢመጣ ማን ያነበዋል? ማታ ከደረሳት ግን ከደብተሯ ጋር ታስተያየዋለች፤ የጎደለ ካለም በማግስቱ ጠዋት ትደውላለች። ያ ስልክ ጥሪ ለሙከራው ትልቅ መረጃ ነው። የማይደወልበት ሳምንት ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ መጠቀም ትተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጥሪው ጋር ስንት ሱቅ ባለፉት ሰባት ቀናት ቢያንስ አንድ ክፍያ እንደተቀበለ፣ ከዚያም ስንቱ በዚያው ብር ለአከፋፋይ እንደከፈለ አብሮ ይታይ። ሁለተኛው ቁጥር ከፍ ካለ ባለሱቋ ብሯን ማውጣት አላስፈለጋትም ማለት ነው።

ሬዲዮ ማስታወቂያውና ባነሩስ? ኅዳር። ሲታተም ቀን አይጻፍበት። «ቁም» የማለት ሥልጣን ደግሞ ማስታወቂያውን ለያዘው ክፍል ሳይሆን በየቀኑ ሒሳብ ለሚያስታርቀው ሰው ይሰጠው፤ የተንጠለጠለውን ብር ጠዋት ጠዋት የሚያየው እሱ ነው። ኮምቦልቻ ከዚያ በኋላ ትቀጥላለች፤ እዚያም መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለሱቆቹ ዘይቱን ከማን እንደሚያነሱ ነው።