ሁለት የልብ ድካሞች፦ አንዱን ያቆመ ኪኒን ሌላዋን ለምን ጣላት?

[በስክሪኑ ላይ፦ ሁለት የኢኮ ወረቀቶች ጎን ለጎን]

ሁለት ሰዎችን ይዘን እንጀምር። ለማብራሪያ ብለን ያሰብናቸው ናቸው፤ እንደ እነሱ ያሉ ታካሚዎች ግን የልብ ክትትል ክፍል በር ላይ ሁልጊዜ አሉ። ጋሽ በላይ 54 ዓመታቸው ነው፣ እትዬ አስካለ ደግሞ 72። ሁለቱም ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሁለቱም ማታ ትራስ ደራርበው ነው የሚተኙት። እግራቸው ያብጣል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ሁለቱም "የልብ ድካም አለብዎት" ተብለዋል።

ሁለቱም ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነስተዋል፤ የውጤት ወረቀቱ ላይ EF የሚል መስመር አለ። የጋሽ በላይ 28 ከመቶ ነው። የእትዬ አስካለ 60 ከመቶ። ልጃቸው ወረቀቱን አይታ "እማዬ፣ ልብሽ ደህና ነው ማለት አይደል?" ብላ ጠየቀች። ትክክለኛ ጥያቄ ናት፤ የዛሬው ቪዲዮ በሙሉ የእሷ መልስ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የተረጨው ደም ÷ የሞላው ደም × 100]

EF ወይም ኢጀክሽን ፍራክሽን የሚለካው የግራውን የታችኛውን የልብ ክፍል ነው፤ ከዚህ በኋላ ባጭሩ "ግራ ክፍል" እንለዋለን። ይህ ክፍል በደም ይሞላል፣ ከዚያ ይጨመቃል። ከሞላው ደም ውስጥ በአንድ ምት ስንት እጁ ተረጨ? ቁጥሩ የሚናገረው ይህን ብቻ ነው። 40 ከመቶና ከዚያ በታች ከሆነ "የቀነሰ" ይባላል፤ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ "ያልቀነሰ"። በመካከል ያለው የራሱ ስም አለው፤ ዛሬ አንገባበትም።

አሁን ትንሽ ስሌት። የጤነኛ ሰው ግራ ክፍል 120 ሚሊ ሊትር ቢሞላና 72 ቢረጭ፣ 60 ከመቶ ይሆናል። የእትዬ አስካለ ግራ ክፍል የሚሞላው 75 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ከዚያ 45 ይረጫል። 45 ለ75 ሲካፈል እሱም 60 ከመቶ ነው! ከጤነኛው ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ወደ ሰውነት የሚሄደው ደም ግን በ27 ሚሊ ሊትር ያነሰ። ጋሽ በላይስ? የእሳቸው ልብ ሰፍቷል፤ 200 ሚሊ ሊትር ይሞላል፣ 56 ይረጫል። 28 ከመቶ። ልብ በሉ፦ በአንድ ምት የሚረጩት ደም ከእትዬ አስካለ ይበልጣል።

እንግዲህ EF የልብ ብርታት መለኪያ ተደርጎ ሲነገር ስትሰሙ ይህን ስሌት አስታውሱ። የጋሽ በላይ ችግር መጭመቅ ላይ ነው። የእትዬ አስካለ ችግር መሙላት ላይ ነው። ግድግዳው ከብዙ ዓመት የደም ግፊት፣ ከስኳርና ከክብደት ጋር ወፍሮ ደርቋል፤ እንደ ደረቀ አቁማዳ፣ ካልገፉት አይሰፋም። ደሙ እንዲገባ ከኋላ ያለው ግፊት መጨመር አለበት፤ ያ ግፊት ደግሞ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ተቀምጠው ሳለ ላይታይ ይችላል። ዳገት ሲጀምሩ ነው የሚያሻቅበው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የሰፋ፣ ግድግዳው የሳሳ ልብ]

ከጋሽ በላይ እንነሳ። የልባቸው የደም ሥሮች ንጹሕ ናቸው፤ በሽታው የልብ ጡንቻው ራሱ ነው። ጡንቻው ሲዳከም ሰውነት ደም እየፈሰሰው መስሎት ይደነግጣል። አድሬናሊን ይለቃል፤ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ የሚያዙ ሆርሞኖች ይነሳሉ፤ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ለአንድ ቀን መድማት ይህ ሕይወት ያድናል። ለወራት ሲቀጥል ግን የደከመን በሬ በጅራፍ ዳገት እንደማስወጣት ነው። ልቡ ይበልጥ ይሰፋል፣ ጡንቻው በጠባሳ ይተካል።

ሐኪሞችም ይህን ለመረዳት ዘግይተዋል። ልብ ከደከመ ማበርታት ነዋ! እስኪ ሚልሪኖንን እንመልከት፤ የልብን ጭመቃ የሚያጠነክር መድኃኒት ነው። በ1991 የወጣው ትልቅ ጥናት ግን በኪኒን መልክ ሲሰጥ ሞትን በ28 ከመቶ እንደጨመረ አሳየ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጅራፍ መጨመር ነበር።

በሌላ በኩል፣ ስዊድን ጎተንበርግ ውስጥ ፊን ዋግስታይንና ባልደረቦቹ በ1975 የማይታሰብ ነገር አቅርበው ነበር፦ ልብን የሚያዘገየውን ቤታ ብሎከር ልባቸው ለደከመ 7 ታካሚዎች ሰጥተው መሻሻል አዩ። ያኔ ይህ መድኃኒት ለልብ ድካም የተከለከለ ነበር። ብዙዎች ለመቀበል ከ20 ዓመት በላይ ወሰደባቸው፤ በ1999 የወጡት ትልልቅ ጥናቶች ሞትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ እስኪያሳዩ ድረስ። የደም ሥር መጥበብን የሚከላከለው ኢናላፕሪል ቀድሞ ነበር የተመሰከረለት። በ1987 በጣም በታመሙ 253 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በ6 ወር ውስጥ የሞቱት ኢናላፕሪል ካልወሰዱት 44 ከመቶ፣ ከወሰዱት 26 ከመቶ ነበሩ።

ስለዚህ የጋሽ በላይ ሕክምና ሐሳቡ አንድ ነው፦ ልቡን አታበርቱት፣ ከጅራፉ ጠብቁት። ቤታ ብሎከሩ አድሬናሊንን ያግዳል፤ ኢናላፕሪል ወይም የእሱ ተተኪ የደም ሥር አጥባቢውን ሆርሞን፤ ስፓይሮኖላክቶን ጨው አስቀሪውንና ጠባሳ አብቃዩን። አራተኛው እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያለው ለስኳር የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ፉሮሰማይድ ውኃውን ያስወጣል፤ ትንፋሽ ያቀላል፤ ዕድሜ ያረዝማል ተብሎ ግን አይሰጥም።

አሰጣጡ ላይ ነው ብዙ የሚበላሸው። ካርቬዲሎል የተባለው ቤታ ብሎከር የሚጀመረው በ3.125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ሰውነት በውኃ ተሞልቶ እያለ አይጀመርም። በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ እየሆነ እስከ 25 ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጋሽ በላይ "ከበፊቱ ደከመኝ" ሊሉ ይችላሉ፤ ልቡ ከጅራፉ ሲላቀቅ ለአፍታ ይዝላልና። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ትርፉ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ሲሰጡ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፍ ይላል፤ ምልክት ሳያሳይ የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ከተጀመረ በሳምንትና በወር ደም መመርመር ግድ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ ግድግዳው የወፈረ፣ ውስጡ የጠበበ ልብ]

አሁን ወደ እትዬ አስካለ። ተመራማሪዎች መጀመሪያ ያደረጉት የሚጠበቀውን ነው፤ ለጋሽ በላይ የሠራውን ለእሳቸው መስጠት። እንደ ኢናላፕሪል የደም ሥር አጥባቢውን ሆርሞን የሚያግዱት ካንደሳርታን በ2003፣ ኢርቤሳርታን በ2008 ተሞከሩ፤ የሞት ቁጥር አልተነቃነቀም። ልቡ እየሰፋና እየሳሳ አይደለምና፣ ያንን የሚያስቆም መድኃኒት የሚይዘው ነገር አነሰ።

እትዬ አስካለ ለደም ግፊት ተብሎ ቤታ ብሎከር ይወስዱ ነበር። የልብ ምታቸው በደቂቃ 54 ነው። ስሌቱን እንመልሰው፦ በአንድ ምት 45 ሚሊ ሊትር፤ ልቡ ደረቅ ስለሆነ ከዚያ ብዙ መጨመር አይችልም። 45 በ54 ሲባዛ በደቂቃ 2.4 ሊትር ደም ነው። ምቱ 76 ቢሆን 3.4 ሊትር ይሆን ነበር። ደረጃ ሲወጡ 110 መድረስ ቢችሉ 5 ሊትር ገደማ። የጤነኛ ሰው ልብ ሲሮጥ መሙላቱንም ምቱንም ይጨምራል። ለእትዬ አስካለ የቀራቸው ምቱ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ያንኑ ያዘባቸው። ጋሽ በላይን ያቆመው ኪኒን እሳቸውን ደረጃው መሃል አስቀመጣቸው።

ይህን ሰምታችሁ ግን ቤታ ብሎከር በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ በድንገት ሲቋረጥ አደገኛ ነው። የደረት ውጋት፣ ያለፈ ድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋት ወይም የተዛባ ፈጣን ምት ላለበት ሰው ምክንያት አለው። በተለይ ምቱ ተዛብቶ በጣም ሲፈጥን ደረቁ ልብ የመሙያ ጊዜ ያጣል፤ ያኔ ማዘግየት ያስፈልጋል። የእትዬ አስካለ ሐኪም አንዱም እንደሌለ አረጋግጠው ነው መጠኑን ቀስ በቀስ የቀነሱት፤ ግፊቱንም በሌላ መድኃኒት ያዙት።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ፉሮሰማይድ ላይ ነው። ደረቅ ልብ ውስጥ ጥቂት ውኃ ሲጨመር ግፊቱ ይዘልላል፤ ጥቂት ሲቀነስ ደግሞ ልቡ ባዶ ይቀራል። ብዙ ቢሰጣቸው እብጠቱ ይጠፋል፣ ግን ከአልጋ ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ የኩላሊት መድከምን የሚያሳየው ክሬአቲኒን ከፍ ይላል። ስለዚህ እብጠቱ ሲወርድ መጠኑም መውረድ አለበት፤ በየጠዋቱ ሚዛን ላይ መውጣት ለዚህ ይረዳል።

ለሁለቱም የሠራው ያ የስኳር መድኃኒት ነው። በ2021 የዳፓግሊፍሎዚን ዘመድ የሆነው ኢምፓግሊፍሎዚን EF ባልቀነሰባቸው ሰዎች ላይ፣ ስኳር ያለባቸውም የሌለባቸውም፣ በልብ ምክንያት መሞትና ሆስፒታል መግባትን አንድ ላይ በ21 ከመቶ ቀነሰ። በሐቀኝነት መናገር ያለብኝ፦ ትርፉ በአብዛኛው ሆስፒታል አለመግባት ነው፣ ሞቱ ላይ ያን ያህል አልታየም። የቀረው ሥራ ግፊቱን፣ ክብደቱንና የልብ ምቱን መዛባት አንድ በአንድ መያዝ ነው። ለእትዬ አስካለ ክብደት መቀነስ ራሱ ሕክምና ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የኢኮ ወረቀቱ፣ "ሚትራል ቫልቭ" የሚለው መስመር ተከቦ]

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ ተመልካቾች ቆም ልበል። EF ደህና ሆኖ ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ የእትዬ አስካለ ዓይነት አይደለም። አገራችን ውስጥ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ሚትራል ቫልቭን ሲያጠብ፣ EF 60 ሊሆን ይችላል፤ ደሙን የያዘው የልቡ ግድግዳ ሳይሆን የጠበበው በር ነው። መፍትሔው በሩን በባሉን ወይም በቀዶ ሕክምና መክፈት ነው። በቲቢ ምክንያት የልብ ሽፋን ደንድኖ ልቡን ሲያንቅም እንዲሁ። ወጣት ሴት ከሆነች፣ ደም ግፊትም ስኳርም ከሌለባት፣ መጀመሪያ ቫልቩን ተመልከቱ።

ከሰባት ወር በኋላ። የእትዬ አስካለ የልብ ምት 74 ሆኗል፤ ፉሮሰማይድ በሁለት ቀን አንዴ፤ ደረጃውን አንዴ አርፈው ይወጣሉ። EF ያው 60 ነው፤ ከመጀመሪያውም መሻሻል ያለበት እሱ አልነበረም።

የጋሽ በላይ ከ28 ወደ 52 ወጥቷል። ቁጥሩ ብቻ ከታየ "ያልቀነሰ" ዓምድ ውስጥ የሚገቡ ይመስላሉ፤ መድኃኒቱንም ማቆም ፈልገው መጡ። ልክ እንደ እሳቸው በልብ ጡንቻ በሽታ ልባቸው ሰፍቶ፣ በሕክምና የተመለሰላቸው 51 ሰዎች በ2018 በወጣ የለንደን ጥናት ተፈትነው ነበር። መድኃኒቱን እንዲያቆሙ ከተደረጉት 44 ከመቶው በ6 ወር ውስጥ ልባቸው እንደገና ተዳከመ። ሐኪሙ ወረቀቱን ገልብጠው "52 ያለው ልብዎ ብቻውን አይደለም፤ ከኪኒኖቹ ጋር ነው" አሏቸው። ጋሽ በላይ የወሩን መድኃኒት ይዘው ወጡ።