ቁስሉን የት ነው የምንነካው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ እንግዳ የለም። ከአንድ የሰላሳ ሰከንድ ማስታወቂያ ጋር የተያያዘ ነገር ላወራችሁ ነው። እኔው የጻፍኩት ማስታወቂያ ነው፤ እስካሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ሥራዬ ለትንንሽ ሱቆች የቲክቶክ ስክሪፕት መጻፍ ነው። አንድ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ሰንስክሪን አስመጥቶ ቪዲዮ ሥሪልን አለኝ። ማዲያት ላለባቸው ሴቶች ነው የሚሸጠው። እኔም ሁላችንም የምንጠቀምበትን አሠራር ያዝኩ። መጀመሪያ ችግሩን ትናገራለህ፣ ቀጥሎ ታባብሰዋለህ፣ በመጨረሻ መፍትሔውን ታመጣለህ። ቀላል ነው። ደግሞ ይሠራል።

ሁለተኛዋን ክፍል እንዲህ ጻፍኳት፦ «ፎቶ ስትነሺ ትሸሻለሽ። ሰው ፊትሽን ሲያይ ታፍሪያለሽ። ባልሽም ዝም ይላል እንጂ ያያል።» ያኔ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ይነካል አይደል? እንዲነካ ነበር የፈለግኩት።

ቪዲዮው የወጣ ቀን ማታ ታላቅ እህቴ ቤት ነበርኩ። እህቴ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ጀምሮ ሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ማዲያት አለ። ብዙ እናቶች የሚያውቁት ነው፤ በእርግዝና ሆርሞን ይመጣል፣ ከወለዱ በኋላም ለአንዳንዱ አልለቅ ይላል። ስልኬ ላይ ቪዲዮውን አየችው። ባል የሚለው ጋ ስትደርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ቀስ ብላ። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ጉንጯ ሳብ አደረገችና «ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ አልተናገረችም፤ ቡናውን ልታወርድ ተነሳች።

በጣም አዘንኩ። ግን ሐዘኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ አልፈው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የሱቁ ባለቤት ደወለ። ዕቃው ተሸጧል፤ ገዢዎቹ ግን እየተመለሱ ነው። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «በስንት ቀን ነው የሚጠፋው?»

ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ። ስክሪፕቱ የት ላይ እንደተበላሸ የምትናገረው እሷ ናት።

ሰንስክሪን ማዲያት አያጠፋም። ማዲያቱን የሚያጠቁረውን ብርሃን ነው የሚከላከለው። እኔ ደግሞ በሁለተኛው ክፍል ላይ የነካሁት ኀፍረትን ነው። ኀፍረት የሚድነው ነጠብጣቡ ሲጠፋ ነው ብላ ተመልካቿ ታስባለች፤ ምን ታድርግ፣ ያልኳት ያንኑ ነው። ስለዚህ «ይጠፋል» የሚል ቃል ሳልጽፍ እንደሚጠፋ ቃል ገባሁላት። ችግሩ ላይ የነካሁት ቦታና ዕቃው የሚሠራበት ቦታ አልተገናኙም።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛዋን ክፍል «ማባባስ» ማለት ትቻለሁ። ቁስሉ የት እንደሚያም ማሳየት ነው የምላት። የሚያመው ደግሞ ዕቃው በእርግጥ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት።

እና እህቴን ይቅርታ ጠይቄ፣ ምን እንደሚያስመርራት ጠየቅኳት። ፎቶ አላለችም። ባሏንም አላነሳችም። «ክሬም ስቀባ ደብዘዝ ይላል፤ ሳምንት ፀሐይ ላይ ስውል ይመለሳል። ገንዘቤ ይሄዳል፣ እሱ ይመለሳል» አለች። ይኸው! ቁስሉ እዚህ ነው። ሰንስክሪን የሚከላከለውም ይህንኑ ነው።

አዲሱን ስክሪፕት ላንብብላችሁ። በእህቴ ፈቃድ የእሷው ቃል ነው፤ የተናገረችውም ራሷ ናት።

ችግሩ፣ አምስት ሰከንድ ያህል፦ «ከወለድኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ጉንጬ ላይ ያለው ማዲያት ግን አሁንም አለ።»

ቁስሉ፣ አሥር ሰከንድ፦ «ክሬም ስቀባ ደብዘዝ ይላል። ሳምንት ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ተመልሶ ይጠቁራል። ገንዘቤ ይሄዳል፣ እሱ ይመለሳል።»

መፍትሔው፣ የቀረው ጊዜ፦ «ያልገባኝ የፀሐይዋ ነገር ነበር። አሁን ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ሰንስክሪን በሁለት ጣት ልክ ፊቴንና አንገቴን እቀባለሁ። ውጭ ከዋልኩ በየሁለት ሰዓቱ እደግማለሁ። ማዲያቱን አያጠፋውም። እንዳይብስ ግን ይከላከልልኛል።»

አለቀ። ሃምሳ ቃል ገደማ ነው። በአማርኛ ሳትጣደፉ ስታነቡት በሰከንድ ሁለት ቃል ግድም ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ትንፋሽ መውሰጃም ይተርፋል።

የሱቁ ባለቤት «አያጠፋውም» የምትለውን አውጪልኝ ብሎ ለመነኝ። ገባኝ፤ ነጋዴ ነው። እኔ ግን የስክሪፕቱ ምሰሶ እሷ ናት አልኩት። እሷን ካወጣናት ያው ጥያቄ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን ሆን ብዬ ትቻለሁ። እህቴ ከዚህ በፊት ስም የሌለው ቅልቅል ክሬም ተጠቅማ ነበር። እንዲህ ያሉት ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ይገኛል። መጀመሪያ ያማረ ይመስላል፤ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ብሶ ይመጣል። የእሷም እንደዚያ ነው የሆነው። ይህን ማስገባት አሰኝቶኝ ነበር። ግን ሰላሳ ሰከንድ ሁለት ጠላት አይችልም። ፀሐይዋም ቅልቅሉም ካሉ ተመልካቿ የትኛውን ትያዝ? እሱ የራሱ ቪዲዮ ይገባዋል፤ እሷም ወደ ቆዳ ሐኪም የምትላክበት።

ምስሉ ላይም ተጨቃጭቀናል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ግን አይታወቀንም። ባለቤቱ የሚያቃጥል ፀሐይና ላብ ካልታየ አለ። እኔ ደግሞ ደመናማ ጠዋት፣ ሹራብ የለበሰች ሴት ሰልፍ ላይ አልኩ። ሰው «ዛሬ እንኳን ፀሐይ የለም» ብሎ ሳይቀባ የሚወጣው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ሹራቡ አሸነፈ።

ሌላው ቀለሙ ነው። ነጩ ዓይነት ሰንስክሪን ጠይም ቆዳ ላይ አመድ የተነፋበት ያስመስላል። ቀለም ያለው ይሻላል። ደግሞ ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ለዓይን የሚታየውን ብርሃንም በከፊል ይከላከላል፤ ጠይም ቆዳ ላይ ማዲያትን ከሚያጠቁሩት አንዱ እሱ ነው። ይህን ሁሉ በቃል አልተናገርነውም። እህቴ ጉንጯ ላይ ስታዳርሰው፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፊልተር ቀረጽነው። ሙሉ ፊቷን ማሳየት አልፈለገችም። ካሜራው ጉንጯና ሁለት ጣቶቿ ላይ ብቻ ቆየ። ማዲያቱም ከተቀባች በኋላ ይታያል። እንዲታይ ነው የፈለግነው።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ደግሞ ደወለ። ሽያጩ ከመጀመሪያው አልበለጠም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። የሚመለስ ሰው ግን ቀንሷል። «አሁን ምን እያሉ ነው የሚጠይቁህ?» አልኩት። «ማታም ልቀባው ወይ እያሉ ነው» አለኝ።

ማታ አያስፈልግም በላቸው አልኩት። ታጥበው ይተኙ።