ለወተት ላም ብድር፦ ሦስት ዓመት ወይስ አምስት?

እሱ፦ ከደብረ ብርሃን ጤና ይስጥልን። አንዲት አድማጫችን የወተት ላሞች ልትገዛ 300,000 ብር ልትበደር ነው። «በሦስት ዓመት ልክፈል ወይስ በአምስት?» ትላለች።

እሷ፦ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ የሚታሰበውም በቀሪው ዕዳ ላይ ነው እንበል። በሦስት ዓመት ከሆነ በየወሩ 10,846 ብር ትከፍላለች፤ በአምስት ከሆነ 7,618።

እሱ፦ በወር ከ3,200 ብር በላይ ይተርፋታል ማለት ነው። ይኼ እኮ መኖ ይገዛል!

እሷ፦ ይገዛል። ግን አጠቃላይ ወለዱን ተመልከተው። በሦስት ዓመት 90,400 ብር ገደማ ነው፤ በአምስት ዓመት 157,000። ልዩነቱ ከ66,000 ብር በላይ ነው።

እሱ፦ የወለዱ መጠን አንድ ሆኖ?

እሷ፦ አዎ፣ አንድ ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ በሁለቱም 4,500 ብር ነው። 10,846 ስትከፍል 6,346ቱ ከዋናው ብድር ይቀነስላታል፤ 7,618 ስትከፍል ግን 3,118 ብቻ። ዕዳው ስላልቀነሰ የሚቀጥለው ወር ወለድም ከፍ ብሎ ይመጣል። አንድ ዓመት ሙሉ፣ 91,400 ብር ያህል ከፍላ፣ ዕዳዋ ገና 259,000 ብር ነው።

እሱ፦ ያስደነግጣል። እንግዲያው ሦስት ዓመቱን ትያዝ?

እሷ፦ እኔስ ለእሷ እፈራለሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ሰሞን ወተት ፈላጊው ይቀንሳል፣ ላም ግን መብላቷን አታቆምም። ያኔ 10,846 ካጣች ቅጣት ይከተላል። የአምስት ዓመቱን ፈርማ፣ ወተቱ በሚሸጥበት ወር ጨምራ ብትከፍል እመርጣለሁ። ከመፈረሟ በፊት ግን ቀድሞ መክፈል የሚያስቀጣ መሆን አለመሆኑን ውሉ ላይ ታንብብ።

እሱ፦ ጭማሪው መቼ ቢሆን ይጠቅማታል?

እሷ፦ በጊዜ። በመጀመሪያው ወር 3,000 ብር ብትጨምር እስከ ብድሩ መጨረሻ 4,200 ብር ያህል ወለድ ይቀርላታል። ያንኑ 3,000 አራተኛው ዓመት ሲያልቅ ብትጨምር የሚቀርላት 590 ብር ገደማ ነው።

እሱ፦ ገንዘቡ ከዋናው መቀነሱን በምን ታውቃለች?

እሷ፦ ቀሪ ዕዳዋን ትጠይቅ። በመጀመሪያው ወር 3,000 ጨምራ ከከፈለች 293,882 ብር መሆን አለበት። 296,882 ካሏት ጭማሪው ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ተይዞ ተቀምጧል እንጂ ዕዳዋን አልነካም። ያኔ «ከዋናው ብድር ይቀነስልኝ» ብላ በጽሑፍ ታመልክት።