ክሎክ ኢን ረሳችሁ? ታይምሺት ላይ የተሳሳተ መግቢያ ሰዓት እንዴት ይስተካከላል

ሰላም፣ ጤና ይስጥልን። ዛሬ የምናየው አሜሪካ ውስጥ በሰዓት እየተከፈላቸው የሚሠሩ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ስለሚሞሉት ታይምሺት ነው። በተለይ ጠዋት ክሎክ ኢን ሳይደረግ ሲቀር፣ ወይም የተመዘገበው መግቢያ ሰዓት ልክ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚደረግ።

እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ሲስተም አለው። የአዝራሩ ቀለምም ቦታውም ይለያያል። ከጀርባ ያለው አሠራር ግን ተቀራራቢ ስለሆነ፣ አንዱን የገባው ሰው ሌላው አይከብደውም።

ምስል፦ የታይምሺት መግቢያ ገጽ። ከላይ በቀኝ በኩል የሠራተኛው ስም፣ መሀል ላይ ትልቅ አረንጓዴ አዝራር።

ገጹን ስትከፍቱ መጀመሪያ ስሙን እዩ። ሱቅ ወይም ኬር ሆም ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው ስለሚሆን፣ የቀደመው ሰው ሳይወጣ ትቶት ሊሄድ ይችላል። ያኔ ሰዓቱ የሚመዘገበው ለእሱ ነው። እናንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሠርታችሁ ሲስተሙ ላይ የላችሁም።

ስሙ የእናንተ ከሆነ Clock In የሚለውን ተጫኑና አንድ አፍታ ጠብቁ። አዝራሩ ወደ Clock Out ሲለወጥ፣ ከጎኑም የገባችሁበት ሰዓት ሲወጣ ተመዝግቧል ማለት ነው። ካልተለወጠ አልተመዘገበም። ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ ሰው ተጭኖ ወዲያው ስክሪኑን ይዘጋል፤ «ረሳሁ» ከሚባለው ውስጥ ጥቂት የማይባለው እንዲህ ያለው ነው።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንሂድ። አንዲት እህት ሺፍቷ ከጠዋቱ 7:00 እስከ ከሰዓት 3:30 ነው እንበል። የምናወራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የግማሽ ሰዓት ምሳ በራሱ ይቀነስባታል፤ ስለዚህ የሚከፈላት 8 ሰዓት ነው። ዛሬ በሰዓቷ ደርሳ ሥራ ጀመረች፤ ክሎክ ኢን ግን አላደረገችም። ትዝ ያላት 9:40 ላይ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃ፣ ማታ ለማናጀሩ እነግረዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። እሷ ግን እዚያው 9:40 ላይ ትጫን።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብዙ ሲስተሞች የሚመዘግቡት ጥንድ ጥንዱን ነው፤ አንድ መግቢያ፣ አንድ መውጫ። ጠዋት ምንም ካልተጫነች፣ ከሰዓት 3:30 ላይ ልትወጣ ስትል አዝራሩ አሁንም Clock In ነው የሚላት። ሳታስተውል ተጭና ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሲስተሙ ደግሞ አሁን ገባች ብሎ ይይዛል። በማግስቱ ጠዋት 7:00 ላይ ስትጫን መውጫ ይሆንና፣ ታይምሺቱ ላይ 15 ሰዓት ተኩል የፈጀ የሌሊት ሺፍት ቁጭ ብሎ ታገኛለች። ካልታረመ የሚቀጥለው ቀንም ይገለበጣል፤ መግቢያው መውጫ፣ መውጫው መግቢያ እየሆነ ሳምንቱ ሁሉ ይዛባል። 9:40 ላይ ከተጫነች ግን የሚታረመው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ምስል፦ የዕለቱ መስመር። መግቢያ 9:40 AM፣ መውጫ 3:30 PM፣ ድምር 5.33።

እንዲሁ ቢቀር ምን ታጣለች? ከ9:40 እስከ 3:30 ያለው 5 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። ምሳው ሲቀነስ 5 ሰዓት ከ20 ይሆናል። የጎደለው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ በሰዓት 18 ዶላር ቢከፈላት 48 ዶላር ማለት ነው። አንድ ጠዋት ለመርሳት ትንሽ አይደለም።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ታይምሺቱ ላይ የዕለቱን መስመር ትከፍታለች። Edit ወይም Request Correction የሚል ታገኛለች። አንዳንድ ቦታ Missed Punch ይለዋል። መግቢያውን ከ9:40 AM ወደ 7:00 AM ትለውጥና ከሥር ያለውን የማስታወሻ ሳጥን ትሞላለች። ማናጀሩ በሚያነበው ቋንቋ፣ አጭርና ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ትጻፍ፦

```
Forgot to clock in. Started at 7:00 AM.
Opened register 2 with the shift lead.
```

«ረስቼ ነው» ብቻ ብትል ማናጀሩ የሚያጣራበት ነገር የለውም። ካዝና ከፈትኩ፣ ከሌሊቱ ሠራተኛ ተረከብኩ፣ በሩን በካርዴ ከፈትኩ ማለት ግን በሌላ መዝገብ ላይ የሚገኝ ነገር ነው። ከዚያ Submit።

የመጣችው 7:12 ላይ ከሆነ ደግሞ 7:12 ብላ ትጻፍ። ብዙዎቹ ሲስተሞች የመጀመሪያውን ቁጥር፣ የተለወጠውን፣ ማን እንደለወጠውና መቼ እንደለወጠው ይዘው ያስቀምጣሉ። ጓደኛን «እስኪ ክሎክ ኢን አድርጊልኝ» ማለት ደግሞ ሁለቱንም ከሥራ የሚያስባርር ጥፋት ነው። ይሄን ስል ብዙ ሰው እንደማይወድልኝ አውቃለሁ።

አሁን ለእኛ ለሐበሾች የተለየች ወጥመድ ወደ ሆነችው እንምጣ።

ምስል፦ የማስተካከያው ሳጥን። ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ከጎኑ AM ወይም PM።

ከጠዋቱ 7:00 በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ነው። ስልኩን ያነሳ ሰው «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው የገባሁት» እያለ ከራሱ ጋር እያወራ ሳጥኑ ላይ 1:00 ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው AM እና PM ላይ ያረፈው ምርጫ ነው። AM ከሆነ፣ ከሌሊቱ 1:00 እስከ ከሰዓት 3:30፣ ምሳው ተቀንሶ 14 ሰዓት ሠራ ይላል። ይህ ግልጽ ስህተት ነው፤ ማናጀሩም ሲያየው ይደነግጣል፣ ወዲያው ይታረማል።

ክፉው PM ሲሆን ነው። ከ1:00 PM እስከ 3:30 PM ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ምሳ ሲቀነስ ሁለት ሰዓት። አጭር ሺፍት ያለ ነገር ስለሆነ ሲስተሙ ላይጮህ ይችላል፣ ማናጀሩም ላይጠይቅ ይችላል። ስድስት ሰዓታችሁ በዝምታ ትሄዳለች። እናንተን የሚጠቅመው ስህተት ቶሎ ይያዛል፤ የሚጎዳችሁን ግን ራሳችሁ ካልያዛችሁት የሚይዘው የለም።

ለዚህ ነው ታይምሺቱ ላይ የማይሆን ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ «በስንት ሰዓት ነው የተሳሳተው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚሻለው። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ከሆነ የሐበሻ ሰዓት ገብቶበታል። ልክ 12 ከሆነ AM እና PM ተቀያይረዋል። ቨርጂኒያ ሆናችሁ 7:00 ላይ ተጭናችሁ ሲስተሙ 4:00 ካለ፣ ፕሮፋይላችሁ የካሊፎርኒያን ሰዓት ይዟል፤ በምሥራቁና በምዕራቡ ዳርቻ መካከል 3 ሰዓት አለ። ይህኛውን በየቀኑ እያረማችሁ አትልፉ። ፕሮፋይሉ ላይ Time Zone የሚለው ካልተስተካከለ ነገም ተመልሶ ይመጣል። ልዩነቱ እንደ 2 ሰዓት ከ40 ያለ ያልተከረከመ ቁጥር ከሆነ ግን፣ ብዙውን ጊዜ ሰው ነው የረሳው።

ሌሊት የምትሠሩ ደግሞ ቀኑን ተጠንቀቁ። ማክሰኞ ማታ እንቅልፍ አጥታችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 12:30 ላይ ሥራ ብትጀምሩ፣ በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት ነው፤ ወይም ለረቡዕ አጥቢያ እንላለን። ሲስተሙ ግን ረቡዕ፣ 12:30 AM ነው የሚለው። ማስተካከያውን ማክሰኞ ላይ ከጻፋችሁት 24 ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል። በተቃራኒው ማክሰኞ 11:00 PM ገብታችሁ ረቡዕ 7:00 AM የወጣችሁ እንደሆነ የመግቢያው ቀን ማክሰኞ ነው።

ምስል፦ የጥያቄው ሁኔታ Pending። ቀጥሎ Approved።

Submit ስላላችሁ አላለቀም። ማናጀሩ እስኪያጸድቀው ድረስ Pending ይላል፤ ፔይሮል የሚከፍለው ደግሞ የጸደቀውን ነው። የክፍያው ሳምንት የሚዘጋበትን ቀን እወቁ። ከዚያ በፊት ካልጸደቀ ለማናጀሩ መልእክት ላኩለት፣ ስክሪንሾትም ያዙ። ከተዘጋ በኋላ የታረመ ሰዓት ብዙ ቦታ በሚቀጥለው ቼክ ላይ ተጨምሮ ነው የሚመጣው።

ሲጸድቅም ቁጥሩ እናንተ ከጻፋችሁት ትንሽ ሊለይ ይችላል። የፌዴራሉ ደንብ አሠሪው ሰዓቱን ወደ ቅርቡ ሩብ ሰዓት እንዲያጠጋጋ ይፈቅዳል፤ ሁልጊዜ ወደ አሠሪው እስካላደላና በጊዜ ብዛት የሠራተኛውን ክፍያ እስካልቆረጠ ድረስ ነው። በዚህ አሠራር 7:07 ወደ 7:00 ይመለሳል፣ 7:08 ደግሞ 7:15 ይሆናል። ድምሩ የሚጻፈውም በአሥርዮሽ ነው። 5.33 ማለት 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ እንጂ 5 ሰዓት ከ33 አይደለም። 7 ሰዓት ተኩል 7.50 ነው፤ 7.30 ካያችሁ 12 ደቂቃ ጎድሏል።

አሠሪው «ክሎክ ኢን ካላደረግሽ አንከፍልም» ካለስ? ድርጅቱ ሠራተኛዋን በመርሳቷ ሊገሥጻት ይችላል። መሥራቷን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ለሠራችው ሰዓት አልከፍልም ማለት ግን የፌዴራሉ የሥራ ሕግ አይፈቅድለትም። የሰዓት መዝገብ የመያዝ ግዴታውም የአሠሪው ነው፤ ታይም ካርዶችን ቢያንስ ለ2 ዓመት ማስቀመጥ አለበት። በንግግር ካልተፈታ፣ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ Wage and Hour Division ስልክ 1-866-487-9243 ነው። ስትደውሉ ቀኑን፣ በእርግጥ የገባችሁበትን ሰዓት፣ የላካችሁትን የማስተካከያ ጥያቄና የተከፈላችሁበትን ፔይ ስተብ አጠገባችሁ አድርጉ፤ ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከነ AM እና PM ጻፉት።